ከግንቦት ወደ ኋላ

ልጄ፣ የመመረቂያ ጽሑፍሽን የጊዜ ሰሌዳ አየሁት። ከመስከረም ጀምረሽ ወደ ፊት ስለቆጠርሽ ያልተመቸሽ ሥራ ሁሉ ግንቦት ላይ ተከምሯል። ገልብጪው። ትምህርት ክፍሉ ጽሑፉን የሚረከበው ግንቦት 30 ከሆነ ከዚያ ተነሺ። ጳጉሜን እስካልነካሽ ድረስ ወሩ ሁሉ 30 ቀን ነውና ወደ ኋላ መቁጠሩ አያስቸግርም።

ከግንቦት 20 በኋላ ባሉት ቀናት ምንም ሥራ አትመድቢ። ፈራሚው አማካሪሽ ለስብሰባ አዲስ አበባ ይሄዱ ይሆናል፤ ዲላ መብራት ይጠፋ ይሆናል፤ ማተሚያ ቤቱም በተመራቂ ይጨናነቃል። ከግንቦት 1 እስከ 20 የእርማት ጊዜሽ ነው። አማካሪሽ ሙሉውን ረቂቅ ለማንበብ ሁለት ሳምንት ይበቃቸዋል፤ ፋሲካ አብዛኛውን ጊዜ ሚያዝያ ላይ ስለሚውል ግን አንድ ሳምንት ጨምሪላቸው። እንግዲህ ረቂቁ ሚያዝያ 8 እጃቸው ይግባ። ለመጻፍ አንድ ወር ተኩል፣ መረጃውን ለማጥራትና ለመተንተን ከአንድ ወር ትንሽ በለጥ ያለ ጊዜ ብትይዢ ጥር 15 ላይ ትደርሺያለሽ። በዚያ ቀን መጠይቁ ሁሉ ተሞልቶ ቤትሽ መግባት አለበት።

እዚህ ላይ ርዕስሽ ሁለተኛ ጌታ እንዳለው አትርሺ፤ ቡናው ነው። የምትጠይቂው የኢዲዶ ቀበሌ ገበሬ ቀይ እሸቱን መቼ ለእጥበት ጣቢያ እንደሚሸጥ፣ መቼ ደግሞ ጀንፈል አድርጎ እንደሚያቆየው ነው። ይህ ውሳኔ የሚታየው ለቀማው ላይ፣ በግርድፉ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። መጋቢት ላይ ሄደሽ ብትጠይቂ የምታገኚው የዕለቱን ዋጋ ሳይሆን ትዝታውን ነው። ደግሞም ከመጋቢት እስከ ግንቦት የጌዴኦ ዝናብ የሚበረታበት ጊዜ ስለሆነ መንገዱ ጭቃ ነው። ለቀማው ካመለጠሽ ቀጣዩን ዓመት ትጠብቂያለሽ።

የመስኩን ሥራ እንደዚህ አስልቺው። 120 አባወራ፣ ሁለት ጠያቂ፣ ለእያንዳንዱ በቀን አራት ቃለ መጠይቅ፤ በወረቀት 15 ቀን ነው። ገበሬው ግን ቀኑን ለቀማ ላይ ውሎ የሚገኘው ማታ ነው፤ መሐል የገበያ ቀን አለ፤ ሰፈሩ ለቅሶ ሊደርስበት ይችላል። እጥፍ አድርገሽ 30 ቀን ያዢ፦ ከኅዳር 15 እስከ ታኅሣሥ 15። ከዚያ እስከ ጥር 15 ያለው መጠባበቂያ ነው፤ ገናና ጥምቀት ቢገቡበትም ጎደሎ መጠይቅ ይዘሽ ለመመለስ ይበቃሻል።

ከኅዳር 15 በፊት ያለውን ወር ለደብዳቤውና ለሙከራው ስጪ። የትብብር ደብዳቤው ከዩኒቨርሲቲው ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ቀበሌ ይወርዳል። መጠይቁም በጌዴኦኛ ተተርጉሞ በሌላ ቀበሌ ጥቂት ሰዎች ላይ ይሞከር፤ የሙከራውን ውጤት አማካሪሽ ሳያዩት ወደ ኢዲዶ አትውጪ። ስለዚህ ፕሮፖዛሉ መስከረም መጨረሻ ላይ መጽደቅ፣ የመጀመሪያ ረቂቁ ደግሞ ነሐሴ ላይ አማካሪሽ ዘንድ መድረስ አለበት። አንቺ ንባብ ልትጀምሪበት ያሰብሽው መስከረም ዘግይቷል ማለት ነው።

መጠባበቂያውን በየሥራው ላይ ሁለት ሁለት ቀን እያደረግሽ አትበትኚው፤ እንደዚያ ያለው ሳይታወቅ ያልቃል። አንቺ የማትቆጣጠሪው ነገር ካለበት ኋላ አስቀምጪው፤ አንዱ ከመስክ በኋላ፣ ሌላው ከፊርማ በፊት።

አማካሪሽ ዘንድ ስትልኪም «እባክዎ ይመልከቱልኝ» ብቻ ብለሽ ሰማንያ ገጽ አትስደጂ። እንዲህ ጻፊ፦ «የምዕራፍ አራትን ሠንጠረዦች ልኬያለሁ። ሠንጠረዥ 4.2 ላይ ጀንፈል የሚያቆዩትን በመሬታቸው ስፋት ከፋፍያቸዋለሁ፤ አከፋፈሉ ያስኬዳል? የካቲት 20 ጠዋት ቢሮ መጥቼ አስተያየትዎን ልቀበል?» ጥያቄና ቀን ያለው መልእክት መልስ ያገኛል፤ ቀን የሌለው ጠረጴዛ ላይ ያድራል። ይህኛው ሙሉው ረቂቅ ከመድረሱ በፊት ያለ ፍተሻ ነው። አከፋፈሉ ስህተት ከሆነ ያን ጊዜ አንድ ሠንጠረዥ ታርሚያለሽ፤ ግንቦት ላይ ከታወቀ ግን ሁለት ምዕራፍ ይፈርሳል።

ታኅሣሥ 30 ላይ ቁጭ ብለሽ ቁጠሪ። ከ120ው መጠይቅ 80 ካልሞላ ሰሌዳው ተሰብሯል። ያኔ ተማሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚቀንሰው የአማካሪውን የንባብ ሳምንት ነው። እሱን አትንኪ፤ የምትቀንሺው ጥያቄውን ይሁን። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2016 መስከረም በዩኔስኮ ከተመዘገበ ወዲህ ዞኑን ሁሉ የማጥናት ጉጉት ቢይዝሽ አልፈርድብሽም፤ ግን ለአንድ ዓመት ጽሑፍ ኢዲዶ ብቻውን በቂ ነው። ናሙናው ሲያንስም በግልጽ ጽፈሽ፣ አማካሪሽን አስፈቅደሽ ነው።

አሁን ሐምሌ ነው። ሰሌዳውን ዛሬ ማታ ገልብጪና ነገ ለአማካሪሽ የነሐሴውን ቀን አሳውቂያቸው።