ረመዷን ለምን በየዓመቱ ይቀድማል? ጳጉሜን የሌለው የሂጅራ ዓመት



ውድ ወጣት ወንድሞችና እህቶች፣ ለዒድ ከትምህርት ቤት ፈቃድ ስትጠይቁ አስተማሪያችሁ «ባለፈው ዓመት ኤፕሪል ላይ አልነበረም እንዴ? ዘንድሮ እንዴት ማርች ሆነ?» ብሎ ጠይቋችሁ ይሆናል። ብዙዎቻችን «እኛ የምንቆጥረው በጨረቃ ነው» ብለን እናልፈዋለን። መልሱ ስህተት አይደለም፤ ግን ግማሽ ነው። በጨረቃ ቆጥረው በዓላቸው ከወቅቱ የማይነቃነቅ ሕዝቦች አሉና።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንየው። የሂጅራ ወር የሚጀምረው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ቀጭኗ ጨረቃ፣ ሂላል፣ በምዕራብ ሰማይ ስትታይ ነው። ከአንዱ አዲስ ጨረቃ እስከ ቀጣዩ በአማካይ 29 ቀን ከ12 ሰዓት ከ44 ደቂቃ ይፈጃል። ግማሽ ቀን መጾም ስለማይቻል ወሩ ወይ 29 ወይ 30 ይሆናል፤ ሦስተኛ አማራጭ የለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህንን ለሰሓቦች ያስተማሩት በጣቶቻቸው ነበር፤ አሥሩንም ጣቶች ሦስት ጊዜ ዘርግተው 30ን፣ ከዚያም በሦስተኛው ላይ አውራ ጣታቸውን አጥፈው 29ን አሳዩ። ማንም እረኛ ሊቆጥረው የሚችል አቆጣጠር ነው።

አሥራ ሁለቱ ወራት ሲደመሩ 354 ቀን፣ አንዳንዴም 355 ይሆናሉ። ወቅቶችን የሚያፈራርቀው የፀሐይ ዓመት ግን 365 ቀን ከሩብ ገደማ ነው። ልዩነቱ 11 ቀን አካባቢ ነው። ለዚህ ነው ረመዷን በሳዑዲና በብዙ አገሮች በ2023 እ.ኤ.አ. ማርች 23፣ በ2024 ማርች 11፣ በ2025 ደግሞ ማርች 1 የገባው። እንዲህ ወደ ኋላ እየተሳበ በ33 ዓመት ገደማ ሁሉንም ወቅት ዞሮ ወደ ነበረበት ይመለሳል።

አሁን ወደ ቀሪው ግማሽ እንሂድ። ወላጆቻችሁ ያደጉበትን የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ተመልከቱ። አሥራ ሁለት ወር እያንዳንዱ 30 ቀን ቢሆን 360 ነው፤ የጎደለውን ጳጉሜን በ5 ወይም በ6 ቀን ትሞላዋለች። ስለዚህ መስከረም ሁልጊዜ ክረምቱ ሲወጣ ይመጣል። አይሁዶች ደግሞ እንደኛ በጨረቃ ይቆጥራሉ፤ ነገር ግን በ19 ዓመት ውስጥ ሰባት ጊዜ አንድ ሙሉ ወር ስለሚጨምሩ ፋሲካቸው ከፀደይ አይወጣም። እኛም እንዲህ ብናደርግ ረመዷን አንድ ቦታ ላይ ይቆም ነበር። የማናደርገው ማድረግ ስላቃተን ሳይሆን ስለተከለከልን ነው።

ክልከላው በሱረቱ አት-ተውባህ 36ኛና 37ኛ አንቀጾች ላይ ይገኛል። አላህ (ሱ.ወ) የወራት ቁጥር አሥራ ሁለት መሆኑን፣ ከእነሱም አራቱ የተከበሩ መሆናቸውን ከነገረን በኋላ «ነሲእ»ን፣ ማለትም ማዘግየትን፣ በክህደት ላይ የተጨመረ ክህደት አድርጎ ገለጸው። ሙፈሲሮች ነሲእን ሲያብራሩ ሁለት መልክ ይጠቅሳሉ። አንደኛው የወርን ክብር ማዛወር ነው። ዙልቀዕዳ፣ ዙልሒጃና ሙሐረም ጦርነት የማይካሄድባቸው ተከታታይ ወራት ነበሩ፤ በዘረፋ ለሚኖር ጎሳ ሦስት ወር ሙሉ ሰይፍን ማስቀመጥ ረጅም ነው። ስለዚህ የሙሐረምን ክብር ወደ ሰፈር አዘግይተው በሙሐረም ይዋጉ ነበር። ሁለተኛው በየሁለት ወይም በየሦስት ዓመቱ አንድ ወር መጨመር ነው፤ ይኸውም ሐጅ ለገበያና ለመንገድ በሚመች ወቅት እንዲውል ለማድረግ ነበር። ይህንን የማወጅ ሥልጣን የኪናና ጎሳ ሰዎች ነበር። አንድ ሰው ተነሥቶ «የዘንድሮው ወር የሚቀጥለው ነው» ሲል ሕዝቡ ይከተላል። አላህ ያከበረው ወር በሰው ፍላጎት ሲንቀሳቀስ ነበር ማለት ነው። በ10ኛው ዓመተ ሂጅራ በመሰናበቻው ሐጅ ላይ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጊዜ ወደ መጀመሪያ ቅርጹ መመለሱን አወጁ፤ ከዚያ ወዲህ ወር የጨመረ ሙስሊም መሪ የለም።

የድሮው አሻራ ግን በወራቱ ስም ላይ ቀርቷል። ረመዷን የሚለው ስም ከሚያቃጥል ሙቀት ሥር የወጣ ነው፤ ረቢዕ ደግሞ የፀደይ ስም ነው። ስሞቹ ሲወጡ ወራቱ በእነዚያ ወቅቶች ላይ ነበሩ። ዛሬ ግን በሚኒሶታ በረዶ ውስጥ «የሚያቃጥለውን ወር» እንጾማለን።

ይህ መዘዋወር በተግባር ምን ማለት እንደሆነ የሚገባው ኢትዮጵያ ላደገ ሰው ሳይሆን ለናንተ ነው። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ በዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው። እናታችሁ «እኛ አገር ጾሙ ያው ነበር» ካለች እውነቷን ነው። ስቶክሆልም ላይ ግን ፀሐይ በጁን መጨረሻ 18 ሰዓት ተኩል ያህል ሰማይ ላይ ትቆያለች፤ በዲሴምበር መጨረሻ ደግሞ 6 ሰዓት ብቻ። በ2015 እ.ኤ.አ. ረመዷን የገባው ጁን 18 ነበር፤ እዚያ ያሉ ወንድሞችና እህቶች የጾሙት ረጅሙን ቀን ነው። በሜልቦርን የሚኖሩት ደግሞ በዚያው ረመዷን አጭሩን የክረምት ቀን ጾሙ። ነሲእ ተፈቅዶ ረመዷን በጁን ቢታሰር የአንዱ ሸክም ለዘላለም ከባድ፣ የሌላው ለዘላለም ቀላል በሆነ ነበር። እንደ ስሌቱ በ2030 እ.ኤ.አ. ረመዷን ሁለት ጊዜ ይገባል፤ አንዱ በጃንዋሪ መጀመሪያ፣ ሌላው በዲሴምበር መጨረሻ። ያኔ ተራው ይገለበጣል።

እዚህ ላይ እህቶች ደጋግመው የሚጠይቁት ጥያቄ አለ። በረጅሙ የበጋ ቀን በወር አበባ ወይም በሕመም ያመለጠን ጾም በአጭሩ የክረምት ቀን መክፈል ይበቃል ወይ? አዎ። ሱረቱ አል-በቀራህ 185ኛው አንቀጽ ያዘዘው በሌሎች ቀናት ቁጥሩን መሙላትን እንጂ ሰዓቱን መሙላትን አይደለም። ቀን በቀን ይከፈላል።

ብዙ ቤተሰብ ያላስተዋለው ሌላ ነገር ደግሞ ዕድሜ ነው። ሸሪዓ ዓመት ሲል የሂጅራን ዓመት ነው። በሻፊዒይ መዝሀብ አንድ ልጅ የባሊግነት ምልክት ቀድሞ ካልታየበት 15 ዓመት ሲሞላው ባሊግ ይሆናል፤ ጾምና ሶላትም ግዴታው ይሆናሉ። (ኢማም አቡ ሐኒፋ ከፍ ያለ ዕድሜ ቢያስቀምጡም ሁለቱ ታላላቅ ተማሪዎቻቸው 15ን ይዘዋል።) ለዚህ የሚጠቀሰው ማስረጃ ዐብዱላህ ኢብኑ ዑመር በ14 ዓመታቸው ለኡሑድ ቀርበው መመለሳቸው፣ በ15 ዓመታቸው ግን ለኸንደቅ መፈቀዳቸው ነው።

እንግዲህ ሴፕቴምበር 1 ቀን 2010 እ.ኤ.አ. ቀን ላይ የተወለደ ልጅ እናስብ። በሳዑዲ አቆጣጠር ያ ቀን ረመዷን 22 ቀን 1431 ነበር። 15 ዓመት የሚሞላው ረመዷን 22 ቀን 1446 ነው፤ ይህም ማርች 22 ቀን 2025 ላይ ዋለ። ፓስፖርቱ ግን «ገና 14 ነህ» ይለዋል፤ ልደቱ እስኪደርስ ከአምስት ወር በላይ ቀርቶታል። ያ ረመዷን በሳዑዲ 29 ቀን ስለነበር ልጁ «ሴፕቴምበር ላይ እጀምራለሁ» ብሎ ካልጾመ የመጨረሻዎቹ 7 ቀናት ቀዷ አለበት ማለት ነው። የራሳችሁን ልደት ቀይሩና ተመልከቱ። ስትቀይሩ አንድ ነገር አትርሱ፤ የሂጅራ ቀን የሚጀምረው ከመግሪብ ነው። ተራዊሕ ከመጀመሪያው ጾም ቀድሞ የሚሰገደውም ለዚህ ነው። ከመግሪብ በኋላ የተወለደ ሰው የሚቆጠረው በማግስቱ ቀን ነው።

ስልክ ላይ ያለው የሂጅራ ካላንደር አንዳንዴ በአንድ ቀን የሚሳሳተው ለምን እንደሆነም ከዚሁ ይገባናል። ካላንደሩ አስቀድሞ በስሌት የተሠራ ነው፤ መስጂዳችሁ ደግሞ የመታየት ዜና ሊጠብቅ ይችላል። የ2025ን መግቢያ እንውሰድ። ጨረቃ በፀሐይና በምድር መካከል ያለፈችው ፌብሩዋሪ 28 መካ ገና ሳይነጋ ነበር። በዚያች ቅጽበት ጨረቃ ጨርሶ አትታይም፤ ከፀሐይ ራቅ እስክትል ጊዜ ያስፈልጋታል። በዚያ ምሽት ፓኪስታን ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ ጨረቃዋ 13 ሰዓት እንኳ አልሞላትም፤ መካ ላይ 15 ሰዓት ሊሆናት ነበር፤ ኒው ዮርክ ላይ ደግሞ 22 ሰዓት። ሳዑዲ ማርች 1፣ ፓኪስታን ማርች 2 ጀመሩ። ወደ ምዕራብ በሄድን ቁጥር ጨረቃዋ እያደገች ትጠብቀናለች።

ይህ ልዩነት አዲስ አይደለም። ታቢዒዩ ኩረይብ ሻም ሄደው የረመዷንን ጨረቃ በጁሙዓ ሌሊት አዩ። በወሩ መጨረሻ መዲና ሲመለሱ ዐብዱላህ ኢብኑ ዐባስ «እኛ ያየናት በቅዳሜ ሌሊት ነው» አሏቸው። ኩረይብ የሙዓዊያህ ማየትና መጾም አይበቃም ወይ ብለው ሲጠይቁም ኢብኑ ዐባስ አልተቀበሉም፤ በመዲና አይተው ወይም 30 ሞልተው እንደሚፈቱ ነገሯቸው። ዑለሞች የአንድ አገር ማየት ለሌላው ይበቃል ወይስ አይበቃም በሚለው ላይ እስከ ዛሬ ሁለት አቋም አላቸው፤ ሁለቱም ማስረጃ አላቸው። በአንድ ቤት ውስጥ አባት በአንዱ፣ ልጅ በሌላው ቀን መጀመራቸው ግን የሚያስኬድ አይመስለኝም፤ በምትሰግዱበት መስጂድ ውሳኔ ሂዱ።

በሸዕባን 29ኛው ምሽት ራሳችሁ ለማየት ከፈለጋችሁ በስተምዕራብ ሕንጻና ዛፍ የማይከልልበት ቦታ ፈልጉ። ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ሳትጠልቅ በመነጽር ወይም በካሜራ አትፈልጉ፤ ዓይን ይጎዳል። ከጠለቀች በኋላ 20 ደቂቃ ያህል ጠብቁና ፀሐይ ከገባችበት በላይ ያለውን ሰማይ ቃኙ፤ ሂላሏ እንደ ፀጉር የቀጠነች፣ ብርሃኗ ፀሐይ ወደ ገባችበት አቅጣጫ የዞረ ሆና ትታያለች። ጎህ ሊቀድ ሲል በምሥራቅ የምትታየው ቀጭን ጨረቃ ያለፈው ወር ጨረቃ ናት፤ ከሂላል ጋር አታምታቷት። ሰማዩ ደመና ከሆነና ከሌላ ቦታም ዜና ካልመጣ ሸዕባን 30 ይሞላል።

ወላሁ አዕለም።