የአንዲት ላም ሒሳብ

እንጅባራ አካባቢ ነው እንበል። 20 አባወራዎች አንድ የወል ግጦሽ አላቸው። እያንዳንዱ ሁለት ላም አለው፣ አንዷ ላም በቀን 4 ሊትር ትታለባለች። አንዱ ጎረቤት ሦስተኛ ላም ሲጨምር ሳሩ ይሳሳና የሁሉም ላሞች ወተት በ0.1 ሊትር ይቀንሳል ብለን እናስላ። ሰውየው ከ8 ሊትር ወደ 11.7 ከፍ አለ። ሌሎቹ ያጡት በቤት 0.2 ሊትር ነው፤ ማን ልብ ይለዋል?

ሁሉም እንደሱ ካሰበ ግን ላሞቹ 60 ይሆናሉ፣ የአንዷ ወተትም 2 ሊትር ይሆናል። ሦስት ላም ያለው ቤት አሁን የሚያገኘው 6 ሊትር ነው፤ በሁለት ላም 8 ያገኝ የነበረው! እዚህ ውስጥ አንድም ክፉ ሰው የለም።

ጋሬት ሃርዲን በ1968 እ.ኤ.አ. «የወል ሀብት አሳዛኝ ፍጻሜ» ያለው ይህንን ነው። የእሱ መስክ ግን ለማንም ክፍት የሆነ፣ ደንብ የሌለው መስክ ነው። የእኛ ሰፈር ሁልጊዜ እንደዚያ አይደለም።

የበጋ መስኖን ተመልከቱ። ከወንዝ በተጠለፈ ቦይ የሚጠቀሙ ገበሬዎች «የውኃ አባት» ይመርጣሉ፤ እሱ ተራ ይሰጣል፣ ያለ ተራው የጠለፈ ይቀጣል። ይህ የሚሠራው ገበሬዎቹ ቅዱሳን ስለሆኑ አይደለም። ከላይ ያለው ሰው ውኃውን ከሰረቀ ከታች ያለው ቦይ ወዲያው ይጎድላል፣ ባለተራውም ቦዩን ተከትሎ ወጥቶ ሌባውን ያገኘዋል። ኤሊኖር ኦስትሮምም በ1990 እ.ኤ.አ. መጽሐፏ ያሳየችው ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ደንብ አውጥተው እርስ በርስ ሲጠባበቁ የወል ሀብት ለትውልድ ሊቆይ እንደሚችል ነው።

አሁን ውኃውን ተከትለን እንውረድ። በዳንግላ በኩል የሚወርደው ክልቲ ከግልገል አባይ ጋር ሆኖ ጣና ይገባል። ጣና ላይ በ1986 እ.ኤ.አ. የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ መጣ። ነጭ ዓሣ በክረምት እንቁላሏን ለመጣል ወደ ወንዞች ስለምትወጣ፣ ወንዙ አፍ ላይ መረብ የዘረጋ ሰው እናቶቹን በጅምላ ያገኛቸዋል። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ እስከ 2001 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ብዛታቸው በሦስት ሩብ ገደማ ቀነሰ። ጉዳቱ የሚታየው ያልተፈለፈሉት ዓሣዎች ማደግ በነበረባቸው ጊዜ፣ ከዓመታት በኋላ ነው። ያኔ ማን ማንን ይከሳል? እኔ የምጽፈው ፕሮግራም ሜሞሪ ሲበላ የትኛው እንደበላ ሎጉ ይነግረኛል። ጣና ሎግ የለውም።

ታዲያ ጥሩ ሰው ምን ያድርግ? 60 ላም ባለበት መስክ አንዷን ላሜን ብቻዬን ባወጣ 6 ሊትሬ 4.2 ይሆናል። ጎረቤቶቼ ትንሽ ያተርፋሉ፣ ነገ ደግሞ አንዱ በቦታዋ ሌላ ላም ያስገባል። ስለዚህ ብቻን መቆጠብ በቂ ግዴታ አይመስለኝም። ከበድ የሚለው ሌላ ነው፤ ላሜ እንድትቆጠር መፍቀድ፣ ባጠፋ እንደማንም መቀጣት፣ ጎረቤቴ ሲያጠፋም ይሉኝታ ሳይዘኝ መናገር። ሃያችንም ቆጥረን ወደ 40 ከተመለስን 8 ሊትሩ ይመለሳል።