«ነገርን ከሥሩ» እና የመጋረጃው ደብዳቤ

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ሲባል እየሰማን አድገናል። ሰሞኑን ግን ይህ ተረት አንድ ቅን ሰው ሲያሳስት አየሁ። አብነት አካባቢ መጋረጃ እየሰፋ የሚሸጥ የማውቀው ባለሱቅ፣ ላዘኑበት ደንበኛ የጻፈውን የይቅርታ ደብዳቤ «እስቲ እየው፤ ነገሩን ከሥሩ ነው ያስረዳኋቸው» ብሎ ሰጠኝ። ሁለት ገጽ ሙሉ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሴትየዋ እሑድ የልጅ ልጃቸው ክርስትና ስለሆነ ለሳሎናቸው መጋረጃ ያዛሉ፤ ቀብድም ይከፍላሉ። ቅዳሜ ይደርሳል የተባለው ሰኞ ደረሰ። ሲሰቀል ደግሞ ከወለሉ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ቀረ። ከብረቱ እስከ ወለሉ 2 ሜትር ከ50 ነበር፤ ጨርቁም የተቆረጠው ልክ 2 ሜትር ከ50 ላይ ነው። ከላይና ከታች ለሚታጠፈው 20 ሴንቲ ሜትር አልተጨመረለትም። የለካውም የቆረጠውም ራሱ ባለሱቁ ነው።

ደብዳቤው እዚህ ነገር ላይ የሚደርሰው ሁለተኛው ገጽ ግርጌ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ሱቁ በታማኝነት ስለሠራባቸው ዓመታት፣ መብራት ስለመጥፋቱ፣ ልብስ ሰፊው ስለመታመሙ፣ ከመርካቶ የሚመጣው ጨርቅ ስለመዘግየቱ ተጽፏል። ሁሉም እውነት ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ እውነት ከጥፋቱ ጥቂት ጥቂት እያነሣ ለሌላ ያሸክማል። አንብቦ የጨረሰ ሰው ማን እንዳጠፋ አያውቅም። መዝጊያው ደግሞ «ቅር አሰኝተንዎት ከሆነ፣ ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን» ይላል። ሴትየዋ እንግዳ የተቀበሉት በባዶ መስኮት ነው፤ «ከሆነ» የሚያሰኝ ጥርጣሬ ከየት መጣ? መጉላላቱስ በራሱ ተፈጠረ?

ተረቱን ግን እወደዋለሁ፤ በቦታው ትክክል ነውና። ቦታው ሽምግልና ነው። ሽማግሌ የሁለቱንም ወገን ቃል ሰምቶ፣ እየጠየቀ፣ እያመሳከረ ነገሩን ከሥሩ ያወጣል። ጥፋተኛው ከታወቀ በኋላ ድንጋይ ተሸክሞ በተበዳዩ ፊት ሲቀርብ ግን ያኔ ታሪክ አያወራም፤ «አጥፍቻለሁ፣ ማሩኝ» ነው የሚለው። ሥሩን መቆፈርና ይቅርታ መጠየቅ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ተራቸውም የተለያየ ነው። ወዳጄ ሁለቱን በአንድ ወረቀት ሊሠራ ሞከረ፤ በዚያም ላይ በራሱ ጉዳይ ራሱ ሽማግሌ ሆነ።

ስለዚህ ማሳጠር ጀመርን። የሱቁ ዘመን ወጣ፤ ሴትየዋ የጠየቁት ስለ ዝናው አይደለም። መብራቱ፣ ሕመሙና ጨርቁ ወጡ። «በሚቀጥለው ሲመጡ ቅናሽ አለን» የሚለውም ወጣ፤ ገና ያልካሰ ሰው ሌላ ገበያ መጥራት የለበትም። አንድ ምክንያት ብቻ ተውን፤ የቅምቅማቱን። እሱ የራሱ ጥፋት ነው፤ ደግሞም የሚታረም ነገር መሆኑን ያሳያል። የቀረው ይህ ነው፦

«እትዬ፣ መጋረጃዎን ቅዳሜ አደርሳለሁ ብዬ ሰኞ አመጣሁ፤ እሱም አጠረ። የለካሁትም የቆረጥኩትም እኔ ነኝ፤ ለቅምቅማቱ ጨርቅ አልተውኩም። በክርስትናው ቀን በእንግዳ ፊት አሳፈርኩዎት። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ከፈቀዱ እስከ ሐሙስ በአዲስ ጨርቅ ሰፍቼ ራሴ መጥቼ እሰቅላለሁ። ካልፈለጉ የከፈሉትን ሙሉውን ዛሬ እመልሳለሁ።»

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ላይ ባለሱቁ አመነታ። ገንዘብ መመለሱ ግን የእሱ ቸርነት ብቻ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። መብት የሆነውን ነገር እንደ ስጦታ አስመስሎ መጻፍ ይቅርታውን ያበላሸዋል፤ እንደ ምርጫ አቅርቦ ለሴትየዋ መተው ግን ያከብራቸዋል።

ማጠር ሁልጊዜ ይሻላል እያልኩ አይደለም። ምግብ ሸጦ ሰው ያሳመመ ነጋዴ ምን እንደተበላሸና መቼ እንደሆነ በዝርዝር መናገር አለበት፤ ተጎጂው ለሐኪሙ የሚነግረው ያስፈልገዋልና። ደንበኛው «ለምን?» ብሎ ከጠየቀም ሥሩ ይነገረው። ሳይጠየቅ የሚዘረዘር ሥር ግን መከላከያ ነው። የመብራቱም የጨርቁም ጉዳይ ሱቁ ውስጥ፣ በባለሱቁና በሠራተኞቹ መካከል ይቆፈር፤ የሚስተካከለው እዚያ ነውና። ለተበደለ ሰው የሚደርሰው ጥፋቱና ካሳው ነው።

ሴትየዋ ከሁለቱ ገንዘባቸውን መረጡ። በዚያው ቀን ተመለሰላቸው።