የጎረቤት ቃልና የደላላ ቃል

በድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ዕቃ የሚሸጥልን ደላላ ስለ ዕቃው የሚናገረውን ውዳሴ ስንሰማ አንቆጣም። የድለላ ገንዘቡን ከማን እንደሚቀበል ስለምናውቅ ከሚናገረው ላይ ግማሹን ቀንሰን የቀረውን እንይዛለን። ያው ውዳሴ ከጎረቤታችን አፍ ሲወጣ ግን ምንም አንቀንስም፤ ጎረቤት የሚናገረው ምንም የማይከፈለው በመሆኑ ነውና። እንግዲህ ጎረቤቱ በስውር የደላላ ገንዘብ የተቀበለ እንደሆነ፣ የተናገረው ሁሉ እውነት ቢሆን እንኳ፣ አድማጩ መቀነስ የሚገባውን እንዳይቀንስ አድርጎታል። በዛሬው ጊዜ በቲክቶክና በዩትዩብ ተመልካች ያፈሩ ወጣቶች ከነጋዴ ገንዘብ ተቀብለው ስለ ዕቃ ሲናገሩ የሚነሣው የግብረ ገብ ጥያቄ ይኸው ነው።

ጉዳዩ በምሳሌ ይታይ። በድሬዳዋ አስተዳደር የገጠር ክፍል በምትገኘው በቢዮ አዋሌ የሚኖር አንድ ወጣት ስለ ገጠር ኑሮ ቪዲዮ ያቀርባል እንበል። የከተማ ነጋዴ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ መብራት ሰጥቶ 8,000 ብር ይከፍለዋል፤ ወጣቱም የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ይሠራል። በተለመደው አሠራር ቪዲዮው «ሕይወታችንን የለወጠ መብራት» ብሎ ይጀምራል፤ የነጋዴው ስም ይጠራል፤ ከሥር ባለው ጽሑፍ መጨረሻ፣ ከብዙ ምልክቶች መካከል፣ «በትብብር» የሚል ቃል ይገባል። ወጣቱ ዋሽቷል ልንል አንችልም። ይሁን እንጂ «ትብብር» የሚለው ቃል ወዳጅነትን ወይም ሽርክናን እንጂ ክፍያን አይናገርም፤ በጽሑፉ ጅራት ላይ ያለውንም ስልክ የያዘ ሰው የሚያየው «more» የሚለውን ተጭኖ ከከፈተው ብቻ ነው።

ታዲያ ቃሉ የት ይቀመጥ? ወጣቶቹ የሚፈሩት በመጀመሪያው ሰከንድ «ማስታወቂያ ነው» ካሉ ተመልካቹ ጣቱን ወደ ላይ ስቦ እንዳያልፋቸው ነው። ፍርሃቱ መሠረት የለውም አንልም። ነገር ግን የሚፈለገው ቃሉ ከሁሉ በፊት እንዲቀድም ሳይሆን ከመጀመሪያው ውዳሴ በፊት እንዲቀድም ነው። ወጣቱ በመጀመሪያ ችግሩን ያሳይ፤ ይኸውም ሌሊት ከብት ሊያይ የሚወጣ ሰው ባትሪው መንገድ ላይ ሲከዳው። ከዚያም እንዲህ ይበል፦ «ይህ ማስታወቂያ ነው፤ ነጋዴው ከፍሎኛል፣ መብራቱንም በነጻ ሰጥቶኛል። ሦስት ሳምንት ቤታችን ተጠቅመንበታል፤ በትልቁ ብርሃን ከአምስት ሰዓት በላይ አልቆየልንም፣ በትንሹ ግን እስከ ንጋት ያደርሳል።» የብሩን ልክ መናገር ግዴታ አይመስለንም፤ በነጻ የተሰጠውን ዕቃ ግን መተው አይገባም፤ ስጦታም እንደ ገንዘብ ምላስን ያለዝባልና። በጽሑፉም «ማስታወቂያ» የሚለው ቃል የመጀመሪያው ቃል ይሁን። ዩትዩብ ላይ ቪዲዮው ሲጫን የተከፈለበት መሆኑ ከተመለከተ በመጀመሪያዎቹ 10 ሰከንዶች «Includes paid promotion» የሚል ምልክት ይወጣል፤ ቲክቶክም «Paid partnership» የሚል ምልክት አለው። እነዚህን መጠቀም ያስፈልጋል፤ ብቻቸውን ግን አይበቁም፤ ሁለቱም በእንግሊዝኛ ሲወጡ ቋንቋውን ለማያነብ ሰው ዝም ከማለት አይለዩምና። በአሜሪካ የንግድ ተቆጣጣሪ የሆነው የፌዴራል ንግድ ኮሚሽንም እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው አጭር መመሪያ፣ ማሳወቂያው ውዳሴው በተነገረበት ቋንቋ እንዲሆንና በቪዲዮ የተነገረ ውዳሴ በቪዲዮው ውስጥ እንዲገለጽ፣ ከሥሩ ባለው ጽሑፍ ብቻ እንዳይቀር ይመክራል። ወጣቱ በኦሮምኛ ወይም በሶማልኛ የሚናገር ከሆነ ክፍያውንም በዚያው ቋንቋ ይናገር። በቀጥታ ሥርጭት ደግሞ ዘግይቶ የሚገባ ሰው ስላለ ቃሉን ደጋግሞ ማንሣት ይገባዋል።

ይህን ሁሉ ያደረገ ሰው የተመልካቹን እምነት ያጣልን? በደቡብ ኮሪያ ሁዋንግና ጆንግ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት፣ በድረ ገጽ የወጣ ጽሑፍ ክፍያ እንዳለበት ብቻ ሲገለጽ የጸሐፊው ተአማኒነት ቀነሰ፤ «የተከፈለበት ነው፣ አስተያየቱ ግን የራሴ ነው» ሲባል ግን ጉዳቱ ጠፋ። ለወጣቶቹ ደስ የሚያሰኝ ዜና ነው። እኛ ግን በዚህ ላይ ጥርጣሬ አለን። «አስተያየቱ የራሴ ነው» የሚለው ሐረግ ማንም በነጻ ሊናገረው ይችላል፤ ሁሉም ሲናገረው ደግሞ እንደ ሰላምታ ይሆናል። ከላይ በምሳሌአችን ያለችው «ከአምስት ሰዓት በላይ አልቆየልንም» የምትለው ቃል ግን ነጋዴው ሊሰማት የማይወዳት ናትና አስተያየቱ የራሱ መሆኑን ሐረጉ ሳይኖር ታሳያለች።

ከዚህ የከበደ አደጋም አለ፤ ብዙዎች አያስቡትም። ኬይን፣ ሎውንስታይንና ሙር የተባሉ አሜሪካውያን ምሁራን እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት ሙከራ፣ አንዳንድ ሰዎች በማሰሮ ውስጥ ያለውን የሳንቲም ዋጋ እንዲገምቱ ተደረገ፤ ማሰሮውን ቀርበው ያዩ ሌሎች ደግሞ ምክር ሰጧቸው። መካሪዎቹ የሚከፈላቸው ግምቱ ከፍ ባለ መጠን ነበር። ይህ ጥቅማቸው ለገማቾቹ በግልጽ በተነገረ ጊዜ መካሪዎቹ ይብሱን አጋነኑ፤ ገማቾቹም ቢጠራጠሩ በሚበቃ መጠን አልቀነሱም፤ በመጨረሻም ካልተነገራቸው ይልቅ ተጎዱ። «ነግሬአቸዋለሁ» የሚለው ስሜት ሕሊናን የሚያሳርፍ ፈቃድ ሆኗል ማለት ነው። እንግዲህ «ማስታወቂያ ነው» ብሎ የጀመረ ወጣት ከዚያ በኋላ መብራቱ በትልቁ ብርሃን ሌሊቱን ሙሉ ያበራል ቢል፣ መግለጡ ሐሰቱን አያነጻውም። በአገራችንም አሳሳች ማስታወቂያ በአዋጅ ቁጥር 759/2004 ዓ.ም. የተከለከለ ሲሆን፣ ጳጳሳዊ የማኅበራዊ መገናኛ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በየካቲት 1997 ስለ ማስታወቂያ ግብረ ገብ ባወጣው ሰነድ እውነተኛነትን ከመጀመሪያዎቹ መርሖዎች አንዱ አድርጎ አስቀምጧል።

ነጋዴው «ክፍያውን አትናገር» ወይም «ስለ አምስት ሰዓቱ ዝም በል» ቢልስ? ይህ ቪዲዮው ከተቀረጸ በኋላ የመጣ እንደሆነ ብሩ ተበልቶ፣ ወጣቱም ተይዞ ይገኛል። ስለዚህ ከቀረጻው በፊት፣ በወረቀት ወይም በስልክ መልእክት፣ ሦስት ነገር ይጻፍ፦ ክፍያው ከመጀመሪያው ውዳሴ በፊት እንደሚነገር፣ ወጣቱ ዕቃውን ለተወሰነ ጊዜ ሞክሮ ያገኘውን ጉድለት እንደሚናገር፣ ነጋዴው ቪዲዮውን አይቶ የተሳሳተ ዋጋ ወይም ስም ማረም እንጂ ጉድለቱን ማስወጣት እንደማይችል። ሦስተኛውን የማይቀበል ነጋዴ የሚፈልገው ጎረቤትን ሳይሆን ደላላን ነው፤ ይህም ነውር የለበትም፤ ወጣቱ ቢስማማ ግን ቪዲዮው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ «ማስታወቂያ» የሚለውን ቃል በማያው ጥግ ይዞ ይቅረብ፤ «ተጠቅመንበታል» የሚለውም ቃል ይውጣለት።