ትንሽ አሞኛል

ወንድሜ ከመተማ ለመጨረሻ ጊዜ ሲደውል ስለ ራሱ ያለው ሁለት ቃል ብቻ ነው፦ «ትንሽ አሞኛል።» ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነበርኩ። «እንግዲያው ዛሬን እረፍ» አልኩትና ስለ ሰሊጥ ዋጋ ጠየቅኩት። ዋጋውን ነገረኝ። ተሳስቀን ዘጋን።

ከጭልጋ የወረደው ለአጨዳ ነበር። እኛ ጋ ይሄ አዲስ ነገር አይደለም፤ ክረምቱ ሲወጣ ከደጋውና ከወይናደጋው ብዙ ወጣት ወደ ምዕራብ ጎንደር ቆላ ይወርዳል። ሰሊጥ ፋታ አይሰጥም። ፍሬው ደርቆ ቅርፊቱ ከተከፈተ እህሉ መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ሠራተኛው ቀኑን ሙሉ ያጭዳል፣ ሌሊት እዚያው ማሳ ዳር፣ ግራር ሥር ሜዳ ላይ ይተኛል። ካላዛርን የምታስተላልፈው ትንሽዬዋ የአሸዋ ዝንብ የምትነክሰው ያኔ ነው። በሽታው ቀስ ብሎ ነው የሚገድለው። ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ይቆያል፣ ሰውነት ይከሳል፣ ጣፊያ ያብጣል። ካልታከመ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አይምርም። ያ «ትንሽ» የተባለው ትኩሳት ከወር በላይ እንደቆየበት የሰማሁት ከቀብሩ በኋላ፣ ከጓደኞቹ ነው። የተቀበረውም እዚያው ቆላ ነው።

ልቅሶው እኛ ቤት ተደረገ። ሙሾ አውራጇ ሴትዮ የሰፈራችን ሰው ናት፤ ወንድሜን ከልጅነቱ ታውቀዋለች። ተራራ አደረገችው። አንበሳ አደረገችው። ሞቱን ሲሰማ ወንዝ መፍሰሱን አቆመ አለች። ሰዉ ደረቱን እየመታ አለቀሰ። እኔ ግን አንድ ጠብታ አልወጣኝም። በልቤ «ወንድሜ አንበሳ አልነበረም፤ ውሻ ይፈራ ነበር» እል ነበር። ግነት ውሸት ነው ብዬ የደመደምኩት ያን ቀን ነው።

አሁን እንደዚያ አላስብም። እንዴት እንደቀየርኩ ልንገራችሁ።

ከሐዘኑ በኋላ ግጥም መጻፍ ሞከርኩ። መጀመሪያ የመጣልኝ፣ የሚገርመው፣ ግነት ነበር። በወል ቤት ነው፤ ስድስት ቀለም፣ እረፍት፣ እንደገና ስድስት ቀለም፦

የእንባዬ ጎርፍ መጣ ሰሊጡን ጠራርጎ፣
ሰማይ አለቀሰ ወንድሜን ፈልጎ።

ከወራት በኋላ ደግሞ ይሄኛው መጣ፦

ሰሊጡ ተሸጠ ገንዘቡም ደረሰ፤
ጫማው በር ላይ አለ አቧራ ለበሰ።

ሁለቱም የሚያወሩት ስለ አንድ ሞት ነው። ሁለተኛው ውስጥ ግን ሞት የሚል ቃል የለም፣ እንባ የለም፣ ወንድሜም የለም። ያለው ጫማ ነው። ሲሄድ ኮንጎ አጥልቆ ስለነበር ደህናውን ጫማ ለበዓል ብሎ በር ላይ ትቶት ሄዶ ነበር።

የመጀመሪያውን ሳነብ አድማጩ ወዲያው ያዝናል፤ ምን ሊሰማው እንደሚገባ ተነግሮታልና። ግጥሙ እያለቀሰ ነው፣ እሱም አብሮ ያለቅሳል። ብቻውን አይደለም፣ ሥራም የለበትም። ሁለተኛውን ሳነብ መጀመሪያ ዝም ይላል። «ታዲያ ጫማው የማን ነው?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል። መልሱን የሚያገኘው ራሱ ነው፤ ለዚህ ይመስለኛል ሐዘኑ ከእኔ የተሰጠው ሳይሆን የገዛ ራሱ የሚሆንበት። ዘግይቶ ይመጣል፣ ዘግይቶም ይሄዳል።

እዚህ ላይ ባቆም ደስ ይለኝ ነበር፤ አሳንሶ መናገር ከግነት ይበልጣል ብዬ ማለቴ ነው። ዘመኑም የሚወደው ይሄንን ነው። ግን ሁለት ነገር ያዘኝ።

አንደኛው፣ የመጀመሪያውን ግጥም ለአንድ የመተማ ገበሬ ሳነብለት የሆነው ነው። አዲስ አበባ ያሉ ጓደኞቼ «ጎርፉ በዛ» ብለውኝ ነበር። እሱ ግን አንገቱን ነቀነቀና «እውነት ነው፣ ሰሊጥ ውሃ ከተኛበት አለቀለት» አለኝ። ለእሱ ግነት አልነበረም፤ የሚያውቀው ኪሳራ ነው። ግነትን ግነት የሚያደርገው አንባቢው በእጁ የያዘው መለኪያ ነው ለካ። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት አገር «ድንጋይ የሚያፈላ ፀሐይ» ብትሉ ደገኛው ቅኔ ይለዋል፣ ቆለኛው ወሬ። በሎንጊኑስ ስም የሚታወቀው የጥንት የግሪክ ድርሳን ይሄን ነገር ነክቶታል፤ ምርጡ ግነት ግነት መሆኑ የማይታወቀው ነው ይላል፤ ከብርቱ ስሜትና ከከባድ ሁኔታ ሲወለድ። ሙሾ አውራጇን ያኔ በዚህ መለኪያ ብሰማት ኖሮ አንበሳው ስለ ወንድሜ ጀግንነት እንዳልሆነ ይገባኝ ነበር። የመቶ ሰው ለቅሶ የሚሸከም ትልቅ ቃል ያስፈልጋት ነበር። ውሻ የሚፈራ ልጅ ብላ መቶ ሰው ማስለቀስ አትችልም።

ያም ሆኖ ግነት ከነገሩ በታች የሚቀርበት ጊዜ አለ። ለዚህ ከመተማ የተሻለ ቦታ አላውቅም። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ አራተኛ እዚያ ከመሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ፣ ጦራቸው እያሸነፈ ሳለ በጥይት ቆሰሉና ሞቱ። ድሉ ወደ ሽሽት ተቀየረ፤ አስከሬናቸው በጠላት እጅ ገባ፣ ራሳቸው ተቆርጦ ኦምዱርማን ተወሰደ። ከተማዋ ዛሬም መተማ ዮሐንስ ትባላለች። በዚህ ላይ «ሰማይ ተደፋ» ብላችሁ ብትጨምሩ ምን ይጨምራል? እኔን እንዲያውም ይቀንስብኛል፤ ሰማዩን ሳይ አንገቱን እረሳለሁ።

ሁለተኛው ያዘኝ ያልኩት ግን ከሁሉ ይከብደኛል። «ትንሽ አሞኛል» ራሱ አሳንሶ መናገር ነው። ወንድሜ ጥሩ ገጣሚ የሚያደርገውን ነው ያደረገው፤ ትልቁን ነገር በትንሽ ቃል ሸፍኖ ቀሪውን ለእኔ ተወው። እኔም አላነበብኩትም። አሳንሶ መናገር አንባቢውን ያምናል፤ አንባቢው ግን ካላወቀ፣ ወይም እንደ እኔ ሐሳቡ ዋጋ ላይ ከሆነ፣ ቃሉ እንዳነሰ ይቀራል። «ሞትኩ፣ አለቅኩ፣ ድረሱልኝ» ቢል ኖሮ በማግስቱ መኪና ተሳፍሬ ነበር። እኛ ቤት ወንድ ልጅ እንዲህ አይልም፤ ያሳፍራል። በፉከራ ግን ያ የሚያፍረው ሰው ራሱ ስለ ጉልበቱ ያሻውን ያህል ቢያጋንን ማንም አይታዘበውም። ለጀግንነት ግነት የፈቀድን ሰዎች ለሕመም ለምን እንደከለከልን እስካሁን አልገባኝም።

ስለዚህ አሁን ግጥም ሳነብ የምጠይቀው የትኛው ይበልጣል ብዬ አይደለም። ቃሉ ከነገሩ ሲበልጥም ሲያንስም ልዩነቱን ማን እንዲሞላው እንደተተወ አያለሁ። ሙሾ አውራጇ ራሷ ሞላችው። ወንድሜ ለእኔ ተወው።

ባለፈው ፋሲካ ሁለቱንም ግጥሞች ለእናቴ አነበብኩላት። የመጀመሪያውን ስትሰማ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች፣ «አሁንማ ገጣሚ ሆነሃል» አለችኝ። ሁለተኛውን ሰምታ ምንም አላለችም። ተነስታ ጨርቅ አረጠበችና ወደ በሩ ሄደች።