ከቀመሩ በፊት ማስመሪያውን አንሡ

ብሔራዊ ፈተናው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ጂኦሜትሪካል ኦፕቲክስን ለመከለስ የተቀመጠ ተማሪ ብዙውን ጊዜ ቀመሮቹን በአንድ ገጽ ላይ ይገለብጣል። እናንተ በዚህ አትጀምሩ። የዚህ ምዕራፍ ቀመሮች ጥቂት ናቸው፤ በአንድ ምሽት ይያዛሉ። ነጥብ የሚያስጥለው የምልክት ስሕተት ነው፤ ምልክትን የሚያርመው ደግሞ ሥዕል ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን አራት ቀናት ለመስታወት ስጡ፤ ከእነሱም ሁለቱን ያለ ምንም ስሌት፣ በእርሳስና በማስመሪያ ብቻ አሳልፉ።

በሂሳብ ደብተር ላይ አንድ አግድም መስመር አስምሩና መስታወቱን እንደ ቀጥ ያለ ቋሚ መስመር ሣሉት። በኮምፓስ አጥፋችሁ ከሣላችሁት ከአግድሙ መስመር የራቁት ጨረሮች አንድ ነጥብ ላይ አይገናኙም። ጥፋቱ የእናንተ አይደለም፤ ቀመሩ ራሱ የሚሠራው ለመስመሩ ቅርብ ለሆኑ ጨረሮች ነው። ከዕቃው ጫፍ ሁለት ጨረር ይበቃል፦ ከአግድሙ መስመር ጋር ትይዩ የሄደው ተንጸባርቆ በፎከሱ ያልፋል፣ በፎከሱ በኩል የሄደው ደግሞ ትይዩ ሆኖ ይመለሳል። ምስሉ ያለው ሁለቱ በተገናኙበት ነው።

አሁን ፎካል ሌንግዙ 10 ሴንቲሜትር የሆነ ኮንኬቭ መስታወት ውሰዱና ዕቃውን 15 ሴንቲሜትር ላይ አቁሙት። ጨረሮቹ ከመስታወቱ ፊት፣ ከዕቃው አልፎ ይገናኛሉ። ምስሉ ሪል፣ የተገለበጠ፣ ከዕቃውም የሚተልቅ ነው። ይህን በዓይናችሁ ካያችሁ በኋላ ብቻ 1/f = 1/u + 1/v ብላችሁ ጻፉ። 1/v = 1/10 − 1/15 = 1/30 ስለሚሆን ምስሉ 30 ሴንቲሜትር ላይ ነው፤ ቁመቱም የዕቃው ሁለት እጥፍ።

ቀጥሎ መስታወቱን ብቻ በኮንቬክስ ቀይሩት፤ ሌላው ቁጥር ሁሉ እንዳለ ይሁን። የኮንቬክስ ፎከስ ከመስታወቱ ጀርባ ስለሆነ f = −10 ነው። 1/v = −1/10 − 1/15 = −1/6፤ ምስሉ ከጀርባው 6 ሴንቲሜትር ላይ፣ ቀጥ ብሎና አንሶ ይታያል። ማይነሷን የረሳ ተማሪ ግን እንደገና 30 ያገኛል፤ ምርጫ የሚያወጣ መምህርም ያንን 30 ከአማራጮቹ መካከል ቢያስቀምጠው አይገርምም። ተማሪው መልሱን እዚያ ሲያየው ልክ ነኝ ብሎ ያልፋል። ሥዕሉን የለመደ ግን ወዲያው ይነቃል፤ ኮንቬክስ መስታወት ከፊቱ ላለ ዕቃ ሪል ምስል ፈጽሞ አይሰጥም።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምመክራችሁ ነገር አለ። በቪዲዮ የምትከታተሏቸው የህንድ መምህራን ብዙዎቹ የሚጠቀሙት ሌላ የምልክት ሥርዓት ነው። የዕቃው ርቀት በእነሱ ዘንድ ማይነስ ነው፤ የሌንሱም ቀመር 1/f = 1/v − 1/u ይሆናል። ሁለቱም ሥርዓቶች ትክክል ናቸው፤ የአንዱን ቀመር ከሌላው ምልክት ጋር ማጣመር ግን መልሱን ያበላሸዋል። ከላይ የሠራነው ሪል ሁሉ ፖዘቲቭ፣ ቨርቹዋል ሁሉ ኔጌቲቭ በሚለው ነው። ከመጀመሪያው ቀን አንስታችሁ አንዱን ያዙ።

አምስተኛውና ስድስተኛው ቀን ለሪፍራክሽን ይሁኑ። ከስኔል ሕግ ይልቅ የሚያሳስተው አቅጣጫው ነው፦ ቶታል ኢንተርናል ሪፍሌክሽን የሚሆነው ብርሃን ከብርጭቆ ወደ አየር ሲወጣ እንጂ ከአየር ወደ ብርጭቆ ሲገባ አይደለም። ጥያቄውን ስታነቡ መጀመሪያ ብርሃኑ ከየት ወደ የት እንደሚሄድ በቀስት አመልክቱ።

ከሰባተኛው እስከ ዘጠነኛው ቀን ሌንስ ነው፤ አትፍሩት። ኮንቬክስ ሌንስ ሥራው እንደ ኮንኬቭ መስታወት ነው። ያው 15 እና 10 እዚህም 30 ይሰጣሉ፤ ልዩነቱ ሪል ምስሉ ከሌንሱ ማዶ መሆኑ ነው። በቤታችሁ +2 የማንበቢያ መነጽር ካለ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ አጠገብ ያዙትና አቅርቡት፣ አርቁት። በውጭ ያለው ሩቅ ነገር ተገልብጦ ግድግዳው ላይ ጥርት ብሎ የሚታየው ሌንሱ ከግድግዳው 50 ሴንቲሜትር ያህል ሲርቅ ነው፤ ያ ፎካል ሌንግዙ ነው።

የቀሩት አምስት ቀናት የቆዩ ፈተናዎች ናቸው፤ ያለ ካልኩሌተር፣ በሰዓት። ለእያንዳንዱ ጥያቄ በኅዳጉ ላይ ትንሽ ሥዕል ሳትሥሉ ወደ ስሌት አትግቡ። የሳታችሁትን ሁሉ “ምልክት”፣ “አቅጣጫ” ወይም “ስሌት” ብላችሁ ለዩ፤ በአሥራ ሦስተኛው ቀን በብዛት የወጣውን ብቻ እንደገና ሥሩ። በአሥራ አራተኛው አዲስ ጥያቄ አትክፈቱ፤ የመስታወቶቹን ሥዕሎች አንዴ ከልሱና በጊዜ ተኙ።