ለ«ሰላም» ምን እንመልስ?

ባለፈው ዓመት አንድ ምሽት ቡሬ የሚኖር አንድ ወንድም በስልኬ «ሰላም» ብሎ ጻፈልኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም። ፍኖተ ሰላም ሳለ በመዘምራን አብረን አገልግለናል። ቡሬ አዲስ ሥራ ሊጀምር ሲሄድ ሸኝቼው፣ ከዚያ ወዲህ ወራት አልፈዋል። «ሰላም ነው» ብዬ መለስኩና ስልኩን አስቀመጥኩ። በኋላ ቡሬ መናኸሪያ ስንገናኝ፣ የጻፈልኝ ከሥራ በተሰናበተበት ቀን እንደነበር ነገረኝ። «ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት። «ሰላም ነው አልከኝ፤ ከዚያ በኋላ ምን ልበል?» አለኝ።

የመልሴ ጥፋት ማጠሩ አልነበረም። ለማንም ሰው ሊላክ የሚችል መልስ መሆኑ ነው።

የአካባቢያችንን ገበሬዎች ሰላምታ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ጠዋት የተለየህን ሰው ማታ ስታገኘው «እንደምን ዋልክ» ትለዋለህ። ጥቂት ቀን ከሆነ «ሰነበትክ» ነው። ክረምቱን ሳትተያዩ ካለፈ «ከረምክ»፣ በጋውን ካለፈ «ባጀህ» ይባላል። መላሹም ያንኑ ቃል ይዞ «እናንተስ እንደምን ከረማችሁ?» ይላል። አንዷ ቃል ከተያየን ስንት ጊዜ እንደሆነ ትናገራለች፤ ቆጥሬልሃለሁ ማለት ነው።

«ሰላም» ብቻውን ሲመጣ ግን ይህ ቃል የለበትም። ስለዚህ መላሹ ያምጣው። ለዚያ ወንድም «ሰላም ወንድሜ፣ እንዴት ከረምክ? ሥራው እንዴት ሆነልህ?» ብለው ኖሮ ሰባት ቃል ይበቃኝ ነበር። «ወንድሜ» ዝምድናችንን ይናገራል፤ «ከረምክ» መቆየታችንን፤ ጥያቄው ደግሞ ስንለያይ የነገረኝን አለመርሳቴን።

ጥያቄው አንድ ይሁን። «ጤና እንዴት ነው? ቤተሰብ? ሥራ? አገልግሎት?» ብለን ብንደረድር «ሁሉም ሰላም ነው» ተብሎ ይዘጋል። «ምነው ጠፋህ?» ማለትም በፍቅር ቢባል እንኳ ወቀሳ ይመስላል፤ ሰውዬው ችግሩን ትቶ ይቅርታ መጠየቅ ይጀምራል። ትናንት ያየነውን ሰው «እንዴት ከረምክ» ብንለው ደግሞ ሽሙጥ ይሆናል።

ሩት 2፥4ን አንብቡ። ቦዔዝ ከቤተ ልሔም መጥቶ አጫጆቹን በእግዚአብሔር ስም ሰላም ሲላቸው፣ እነርሱም ባጭር ምርቃት መለሱለት። ሥራው አልቆመም፤ ግን የተቀበሉትን ሰላምታ ባዶውን አልመለሱትም።

ጊዜ ከሌላችሁስ? «ሰላም እህቴ፣ አሁን ክፍል ውስጥ ነኝ፤ ማታ ልደውልልሽ» በቂ ነው። ማታ ካልደወላችሁ ግን ያ መልስ ከ«ሰላም ነው» ይብሳል።

እኔ አሁን «ሰላም» ብቻ ሲደርሰኝ፣ ከመመለሴ በፊት ራሴን አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ ይህ ሰው መጨረሻ ስንገናኝ ምን ነግሮኝ ነበር?